ዱቄቱ የሚወስደውና የሚተወው

ፀጉር በስንት ቀን ይታጠብ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን መልስ የሚታጣው ጥያቄው ሁለት ስለሆነ ነው። የራስ ቆዳ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ከቆዳው ወጥቶ የወረደው ፀጉር የሚፈልገው ሌላ። ቆዳው ሕያው ነው፤ ያልበዋል፣ ወዝ ያመነጫል፣ ያረጀውን ሽፋኑን ያራግፋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቢጸዳ ይወዳል። ፀጉሩ ግን ከቆዳው ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም። ሲጎዳ ራሱን አይጠግንም። በታጠበ ቁጥር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰበሰባል፣ እርጥብ እያለ ሲበጠር ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይልቅ በቀላሉ ይበጠሳል። ስለዚህ ቆዳው እጠቡኝ ሲል ፀጉሩ ተዉኝ ይላል። ደረቅ ሻምፖ የመጣው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። የሚያስታርቃቸው ይመስላል፤ የሚሰማው ግን የአንዱን ወገን ብቻ ነው።

ከወዙ እንጀምር። በእያንዳንዱ የፀጉር ሥር አጠገብ ትንሽ የወዝ ዕጢ አለች። ከዚህች ዕጢ የሚወጣው ቅባት በፀጉሩ መውጫ በኩል ወደ ላይ ይመጣና ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ከዚያም ፀጉሩን ይዞ ይወርዳል። ዕጢዋን የሚያዝዛት በደም የሚዘዋወረው ሆርሞን ነው፤ በተለይ በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ ያለው አንድሮጅን የሚባለው። የአንድ ልጅ ፀጉር እስከ 10 ዓመቱ ድረስ ብዙም ሳይወዛ ቆይቶ በጉርምስና ወራት ድንገት ቅባት በቅባት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሴቶች የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ ራሳቸው ደረቅ ደረቅ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ማወቅ በጣም የተስፋፋ አንድ እምነት ለመመርመር ይረዳል። «ፀጉርሽን ቶሎ ቶሎ ከታጠብሽ ዕጢው የጎደለውን ለመተካት አብዝቶ ያመነጫል፤ ታግሰሽ ሳትታጠቢ ከቆየሽ ግን ይለምድና ይቀንሳል» ይባላል። ብዙ ሰው በዚህ ምክር ሳምንታትን በማሳከክ ያሳልፋል። ዕጢዋ ግን ቆዳው ላይ ያለው ቅባት ይብዛ ይነስ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ የምትሰማው ከውስጥ የሚመጣውን ሆርሞን ነው። መታጠብ የሚያነሳው አስቀድሞ የወጣውን ነው፤ የሚወጣበትን ፍጥነት አይለውጥም። በታጠብሽ ማግስት ወዙ በዛ የሚያሰኘው ከንጹሕ ፀጉር ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ መታየቱ ነው። ሳይታጠቡ መቆየት «ያስለመደ» የሚመስለውም ወዙ ወደ ታች ተሰራጭቶ ሥሩ ላይ ያለው ልዩነት ሲደበዝዝ ነው።

ታዲያ ሁለት ሰዎች እኩል ወዝ እያመነጩ የአንዷ ፀጉር በማግስቱ ተጣብቆ፣ የሌላዋ በሳምንቱ ደረቅ ሆኖ የሚገኘው ለምንድን ነው? መልሱ የፀጉሩ ቅርጽ ነው። ሉጫ ፀጉር ለወዙ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ቅባቱ ከሥር ተነሥቶ ያለ እንቅፋት ይወርዳል፣ ማበጠሪያውም ይገፋዋል፣ አጠገብ ለአጠገብ የተኙት ፀጉሮች እርስ በርስ ይቀባባሉ። ፀጉሩ በዚያ ላይ ስስ ከሆነ ጥቂት ቅባት ይበቃዋል፤ ወዲያው ይጣበቃል፣ ይተኛል። ከርዳዳ ፀጉር ግን በየጥቅልሉ ይታጠፋል፤ ወዙ በእነዚያ መታጠፊያዎች ላይ ወደ ጫፍ ለመውረድ ይቸግረዋል። ስለዚህ ወዙ ሥር አካባቢ ይቀራል፣ ጫፉ ይደርቃል። ከርዳዳ ፀጉር ያላት ሴት «የእኔ ራስ ደረቅ ነው» ስትል ብዙውን ጊዜ የምትናገረው ስለ ፀጉሯ ነው። ቆዳዋ እንደ ማንኛውም ሰው ቆዳ ሊወዛ ይችላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ጫፉ ስለደረቀ ቆዳው ላይ ቅባት ይጨመራል።

የራስን ቆዳ ከፀጉር ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል ቀላል መንገድ አለ። ራስሽን በሻምፖ ታጠቢና ቅባትም ሆነ ሌላ ነገር ሳትቀቢ ተዪው። በማግስቱ ጠዋት ፀጉሩን ከፍለሽ ለስላሳ የወረቀት መሐረብ ወይም ሶፍት መሐል አናትሽ ላይ ለ10 ሰከንድ ያህል ጫን አድርገሽ ያዢው፤ ሌላውን ከጆሮሽ ጀርባ። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው፤ ምልክት ካልታየ በየማግስቱ ድገሚው። በመጀመሪያው ቀን ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ምልክት ካገኘሽ ቆዳሽ ወዛም ነው። ምልክቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከመጣ መካከለኛ ነው። በአራተኛውም ቀን ምንም ከሌለ ደረቅ ነው። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፤ ነገር ግን ፀጉርን በዓይን አይቶ ከመገመት ይሻላል፤ የሚጠይቀው ቆዳውን ነውና።

ቆዳሽንና ፀጉርሽን ለየብቻ ካወቅሽ የማጠቢያው ጊዜ ከሁለቱ ይወጣል። ቆዳው ወዛም፣ ፀጉሩ ሉጫና ስስ የሆነ ሰው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቢታጠብ ምንም አይጎዳም። እንዲህ ዓይነቱ ፀጉር ውኃውን ይችላል፣ ቆዳውም ይፈልገዋል። መካከለኛ ወዝና ሉጫ ፀጉር ላለው ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ይበቃል። ዞማ ወይም ጥቅልል ያለው ፀጉር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢታጠብ ይስማማዋል። ከርዳዳ ፀጉርን በተመለከተ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረው በሳምንት አንዴ ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። እኔ ከሁለቱ ሳምንታዊውን እመርጣለሁ፤ ቆዳው ወዛም ለሆነ ወይም ፎረፎር ለሚያስቸግረው ደግሞ ሁለት ሳምንት ይበዛል።

የሚበዛበት ምክንያት ማላሴዚያ የምትባል እርሾ መሰል ፈንገስ ናት። በሁላችንም የራስ ቆዳ ላይ ትኖራለች፤ ከውጭ የምትይዝ በሽታ አይደለችም። የምትመገበው ወዙን ነው። ወዙን ስትሰባብረው የሚቀሩት አሲዶች ለአንዳንድ ሰው ቆዳ አይስማሙም፤ ቆዳው ይቆጣል፣ ያሳክካል፣ ሽፋኑንም ከወትሮው ፈጥኖ ያራግፋል። ፎረፎር የምንለው ይህ ነው። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በእስያ የሚኖሩ ሰዎችን በማጠቢያ ድግግሞሻቸው ሲያወዳድር፣ አብዝተው የሚታጠቡት የማሳከክና የፎረፎር ችግራቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያው ውስጥ በአንታርክቲካ የምርምር ጣቢያ መታጠብ ያልቻሉ ሰዎች ራስ ላይ የማላሴዚያ ብዛት፣ ማሳከኩና ቅርፊቱ አብረው እንደጨመሩ ተመዝግቧል። ተመራማሪዎቹ ከሻምፖ አምራች ድርጅት ጋር የሚሠሩ መሆናቸውን አንባቢ ማወቅ አለበት፤ የተጠኑትም በአብዛኛው ሉጫ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለ ቆዳው የሚናገረውን ተቀብለን ስለ ፀጉሩ የሚናገረውን ግን ለከርዳዳ እንዳለ መውሰድ አንችልም።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንምጣ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቆርቆሮ ከመታሸጉ በፊት ሰዎች ስታርችና የሸክላ አፈር ዱቄት ፀጉር ላይ ነስንሰው ያራግፉ ነበር። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሚኒፑ የሚባል የዱቄት ሻምፖ ለታመሙና ውኃ ለመንካት ላልቻሉ ሰዎች፣ ለችኩሎችም ጭምር ይሸጥ ነበር። ዛሬ በቆርቆሮ የሚረጨውም በመሠረቱ ያው ነው፤ የሩዝ፣ የበቆሎ ወይም የካሳቫ ስታርች፣ አንዳንዴ ሲሊካ ወይም ካኦሊን የሚባል ነጭ ሸክላ፣ ቶሎ የሚተን አልኮል፣ ሽቶ፣ እና ዱቄቱን ገፍቶ የሚያወጣ እንደ ቡቴንና ፕሮፔን ያለ ጋዝ።

አሠራሩ በጣም ቀላል ነው። የስታርች ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተትና በገጽታቸው ላይ ወዙን ስበው ይይዛሉ፤ ወለል ላይ በፈሰሰ ዘይት ላይ ዱቄት ሲነሰነስ ዱቄቱ ዘይቱን እንደሚመጥጠው ማለት ነው። ወዙ ፀጉሩን ከፀጉር ጋር ማጣበቁን ይተዋል፣ ብርሃን ማንጸባረቁም ይቀራል፣ ቅንጣቶቹ በፀጉሮቹ መካከል ገብተው ስለሚለያዩአቸው ደግሞ ፀጉሩ የበዛ ይመስላል። ነገር ግን ወዙ አልሄደም። ከፀጉሩ ወደ ዱቄቱ ተዛወረ እንጂ ዱቄቱም ወዙም እዚያው ራስ ላይ ናቸው፤ በብሩሽ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው። ሻምፖ ወዙን ከውኃ ጋር አስማምቶ ወስዶ ይጥለዋል። ዱቄቱ ይሸከመዋል። ላብ ሲደርቅ የሚቀረው ጨው፣ የተራገፈው የቆዳ ሽፋን፣ ማላሴዚያም ከቦታቸው አይነቃነቁም።

የዱቄቱ አቅም ውስን መሆኑም ከዚህ ይከተላል። ቅንጣቶቹ አንዴ በወዝ ከጠገቡ ሌላ አይመጥጡም። አዲስ ዱቄት ሲጨመርባቸው አዲሱም ይጠግባል፣ የቀድሞውም እዚያው አለ፤ ውጤቱ ፀጉሩን የሚያሻክር፣ የሚያደበዝዝ፣ ሲነኩት ጭቃ ጭቃ የሚል ንብብር ነው። ሥሩ ላይ እጅሽን ስታስገቢ ንጹሕ ወይም ወዛም ሳይሆን የሰም ስሜት ከሰጠሽ ዱቄቱ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ የሚረዳው ውኃና ሻምፖ ብቻ ነው።

ከርዳዳ ፀጉር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ደረቅ ሻምፖ ብዙም ጥቅም የለውም ሲባል እሰማለሁ፤ ፀጉሩ እንዳለ ከተተወ እውነት ነው። ወዙ ወደ ፀጉሩ ስለማይወርድ የሚመጠጥ ነገር የለም፤ ዱቄቱ ያለውንም እርጥበት ወስዶ ጫፉን ይብስ ያደርቀዋል። ነገሩ የሚለወጠው ፀጉሩ ፔስትራ ሲደረግ ነው። በሙቀት የተዘረጋ ፀጉር ለጊዜው የሉጫ ፀጉር መንገድ አለው። ወዙ ይወርዳል፣ ሥሩ ይጣበቃል። በዚያ ላይ ውኃ ከነካው ሥራው ሁሉ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የፀጉሩ ባለቤት ውኃ ትሸሻለች። ደረቅ ሻምፖ ለሐበሻ ሴት በእርግጥ የሚጠቅመው፣ ደግሞም በእርግጥ የሚያታልለው በዚህ ጊዜ ነው።

ጉዳዩን በአንዲት ሴት እንየው። ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች እንበል፤ ቢሮ ትሠራለች፤ ፀጉሯ ከርዳዳ ሆኖ ቆዳዋ በመሐረቡ ሙከራ መካከለኛ ነው። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ሄዳ ታጥባ ፔስትራ ተደርጋለች። የዚህን ሥራ ዋጋና ድካም የሚያውቅ ሰው ለሁለት ሳምንት እንዲቆይላት መፈለጓን አይወቅስም።

እሑድና ሰኞ ምንም አያስፈልጋትም። ማታ ማታ ፀጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ በሳቴን ሻሽ ታስራለች፤ ሳቴኑ ፀጉሩን አያሻክረውም። ማክሰኞ ማታ ግንባሯና ጆሮ ግንዷ አካባቢ መጀመሪያ ይወዛል። የመጀመሪያው ዱቄት ጊዜው ይህ ነው፤ ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ ከመተኛት በፊት። ብዙ ሰው የሚረጨው ሊወጣ ሲል፣ ፀጉሩ በደንብ ወዝቶ ከተጣበቀ በኋላ ነው። ያኔ ዱቄቱ ለመምጠጥ ጊዜ አያገኝም፤ ነጩም ጥቁር ፀጉር ላይ ቁጭ ይላል። ማታ ከተነሰነሰ ሌሊቱን ይሠራል፣ ጠዋት በብሩሽ ይራገፋል።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆርቆሮውን በደንብ ትነቀንቀዋለች፤ ዱቄቱ ከታች ይተኛልና። ፀጉሯን በየመስመሩ ትከፍላለች። ቆርቆሮውን ከራሷ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃ በየመስመሩ ለ1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሥሩ ላይ ትረጫለች፤ ጫፉ ላይ አይደለም። አቅርቦ መርጨት አንድ ቦታ ላይ ነጭ ክምር ይተዋል፣ ቆዳውንም ያቀዘቅዛል። ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳትነካው ትጠብቃለች፣ በጣቶቿ ሆድ ታሸዋለች፣ በመጨረሻም ጠዋት በብሩሽ ታራግፈዋለች። መስኮት መከፈት አለበት፤ ደቃቅ ዱቄትና ጋዝ ለሳንባ አይሆንም። አስም ያለባት ከሆነ የሚረጨውን ትታ በዕቃ የሚመጣውን ዱቄት በብሩሽ ሥሩ ላይ ብትነካካ ይሻላታል። ቤት ውስጥ የበቆሎ ስታርች ካለም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለግንባርና ለጆሮ ግንድ ይበቃል፤ ለጥቁር ፀጉር ጥቂት ካካዎ ቢቀላቀልበት ነጩን ይደብቃል፤ ትራሱንና ነጠላውን ግን ቡናማ ሊያደርግ ይችላል።

ረቡዕ ስፖርት ሠርታ አላባት እንበል። እዚህ ላይ የሚደረገው ስሕተት እርጥቡ ሥር ላይ ዱቄት መንፋት ነው። ስታርችና ውኃ ሲገናኙ ሊጥ ይሆናሉ። መጀመሪያ በፀጉር ማድረቂያው ቀዝቃዛ አየር ሥሩን ታደርቃለች፤ ከዚያ ካስፈለገ ብቻ ዱቄት። ሐሙስ ማታ ሁለተኛዋን ጊዜ ትጠቀማለች። ዓርብ ፀጉሯ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ስትነካው ግን ያ የሰም ስሜት መጥቷል። ቅዳሜ ሳምንት ሆኗታል።

መወሰን ያለባት አሁን ነው። መስታወቱ «አንድ ሳምንት ጨምሪ» ይላታል፤ ዱቄቱ የሚሠራው ለመስታወቱ ነውና። ቆዳዋ ግን ሰባት ቀን ወዝ፣ ላብና ሁለት ንብብር ዱቄት ተሸክሟል። በሁለተኛው ሳምንት ዱቄት እየጨመረች ብትቀጥል ብዙውን ጊዜ የምታገኘው ማሳከክ፣ ቅርፊት፣ አንዳንዴም በፀጉር ሥሮች ላይ የሚወጡ የሚያሙ ትናንሽ ብጉሮች ናቸው። በሳምንቱ መታጠብ አለባት። የምትፈራው ፔስትራው ነው፤ ግን በታጠበች ቁጥር ፔስትራ መደረግ የለባትም። አንዱን ሳምንት ፔስትራ፣ ቀጣዩን በቢጎዲን ጠቅልላ ካስክ ሥር ብትደርቅ ፀጉሯ ከብረቱ ሙቀት ያርፋል፣ ቆዳዋም ሳምንታዊ እጥበቱን አያጣም።

ዱቄት የተሸከመ ራስ ሲታጠብ ሁለት ጊዜ ሻምፖ ይፈልጋል። መጀመሪያ በብሩሽ የሚወጣውን ሁሉ ታወጣለች። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ እስከ ቆዳው ድረስ በደንብ ታርሰዋለች። የመጀመሪያው ሻምፖ ብዙም አረፋ አይሠራም፤ ከወዙና ከዱቄቱ ጋር እየታገለ ስለሆነ ነው እንጂ ሻምፖው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሁለተኛው አረፋ ይሠራል፤ ቆዳው እንደጠራ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ሻምፖው የቆዳ ነው፤ በጥፍር ሳይሆን በጣት ሆድ ይታሻል፤ ፀጉሩ ወርዶ በሚያልፈው አረፋ ብቻ ይጸዳል። ኮንዲሽነሩ ደግሞ የፀጉሩ ነው፤ ከመሐል እስከ ጫፍ ይቀባል፣ ሥሩ ላይ አይደርስም። ማፍታታቱም ኮንዲሽነሩ እያለ ከጫፍ ወደ ላይ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ቢሆን ብዙ ፀጉር ከመበጠስ ይድናል።

ትከሻ ላይ የሚራገፈው ነጭ ነገር የዱቄት ትርፍ ይሁን ፎረፎር መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ፎረፎሩን ዱቄት ነው ብሎ ሲሸሽገው፣ ሌላው ዱቄቱን ፎረፎር ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል። የዱቄት ትርፍ በጣት ሲያሹት ይደቅቃል፣ አያሳክክም፣ አንድ ጊዜ በደንብ ሲታጠቡ ይጠፋል። ፎረፎር ቅርፊት አለው፤ አንዳንዴ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ይወዛል፣ ያሳክካል፤ ከታጠቡም በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ይመለሳል። በጠይም ቆዳ ላይ ቁጣው ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ በግንባር የፀጉር ዳር፣ በቅንድብና በጆሮ ጀርባ ቆዳው ሳሳ ብሎ የነጣ መስሎ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ዱቄቱን አቁሞ ኬቶኮናዞል ወይም ሰሊኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፖ ይጠቀም። ከርዳዳ ፀጉር ላለው በሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ ቆዳው ላይ ብቻ ተቀብቶ 5 ደቂቃ ያህል ይቆይና ይታጠባል፣ ከዚያ ፀጉሩን እንዳያደርቀው ኮንዲሽነር ይከተላል። ሉጫ ፀጉር ያለው በሳምንት ሁለቴ ሊጠቀም ይችላል። ከአንድ ወር በኋላ ካልተሻለ፣ ቅርፊቱ ወፍራም ብርማ ከሆነ፣ ወይም ፀጉር ተነቅሎ ባዶ ቦታ ከታየ የቆዳ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቅቤን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ለጋ ቅቤ ለደረቀ ፀጉር የሚሰጠውን ልስላሴ እናቶቻችን በእጃቸው ያውቁታል፤ የከርዳዳ ፀጉር ጫፍ ራሱ ወዝ ስለማይደርሰው ከውጭ መቀባቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ቦታው ነው። ፎረፎር ያለበት ቆዳ ላይ ቅቤ ሲቀባ ቅርፊቱ ለአንድ ሁለት ቀን ይረጥብና የጠፋ ይመስላል፤ ማላሴዚያ ግን ተጨማሪ ምግብ አገኘች። ስለዚህ ቆዳው ጤነኛ ከሆነ ለአንድ ሌሊት ቀብቶ በማግስቱ በሻምፖ ማስለቀቅ ምንም አይደለም፤ የሚያሳክክ ራስ ከሆነ ግን ቅቤው ከፀጉሩ መሐል እስከ ጫፍ ብቻ ይሁን። ቅቤ ወይም ዘይት የተቀባ ራስ ላይ ደረቅ ሻምፖ መንፋት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ዱቄቱ በአንድ አፍታ ጠግቦ ሥሩ ላይ ይለጠፋል።

ሹሩባ ለዱቄት የተመቸ ቢመስልም አይደለም። ቆዳው በየመስመሩ ተገልጦ ስለሚታይ ዱቄት መንፋት ያጓጓል፤ ነገር ግን በብሩሽ ማራገፍ ስለማይቻል ዱቄቱ በጉንጉኑ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ለሹሩባ የሚሻለው ትንሽ ሻምፖ በውኃ አቅጥኖ ጫፉ ጠባብ በሆነ ጠርሙስ በየመስመሩ ቆዳው ላይ ማፍሰስ፣ በጣት ቀስ ብሎ ማሸት፣ በብዙ ውኃ ማለቅለቅና ሥሩ እስኪደርቅ በደንብ ማናፈስ ነው። ይህን በሳምንት ወይም ቢበዛ በሁለት ሳምንት አንዴ ማድረግ ይቻላል። እርጥቡን ሹሩባ በሻሽ አስሮ መተኛት ግን ሽታና ማሳከክ ያመጣል።

በቆርቆሮ ስለሚረጨው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በጥቅምት 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያ ዶቭንና ትሬስሜን ጨምሮ በአሜሪካ የሚሸጣቸውን በርካታ የሚረጩ ደረቅ ሻምፖዎች ከገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱ ከተገቢው በላይ ቤንዚን የሚባል ኬሚካል ሊኖርባቸው ስለሚችል ነበር። በመኪና የምንሞላው ቤንዚን ማለት አይደለም፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተጋለጡበት የደም ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ውሁድ ነው። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2021 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ፓንቲንን ጨምሮ የተወሰኑ ምርቶቹን በተመሳሳይ ምክንያት ሰብስቧል። ጥርጣሬው ያረፈው በስታርቹ ላይ ሳይሆን ገፊው ጋዝ ላይ ነው፤ ጋዙ ከነዳጅ ስለሚመጣ ቤንዚኑ አብሮት ሊገባ ይችላል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው፤ ዱቄት ሆኖ የተሸጠው፣ ጋዝ የሌለበት፣ በዚህ በኩል አያሳስብም። አሮጌ ቆርቆሮ ከዘመድ ሻንጣ ወጥቶ ሲሰጥሽም የምርት ቀኑን ማየት ደግ ነው።

እሳቱም አለ። ቡቴንና ፕሮፔን የማብሰያ ጋዝ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ቡና እየተፈላ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ባለበት ክፍል ፀጉር ላይ መርጨት አደጋ ነው፤ ረጭቶ ወዲያው የጋለ ፔስትራ ማስጠጋትም እንዲሁ። ቆርቆሮዎቹ ላይ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሆነ ሙቀት እንዳይጋለጡ ተጽፏል። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖሩ እኅቶች በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቆርቆሮውን ጥለው መሄድ የለባቸውም፤ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከዚያ በላይ ይግላል፣ ቆርቆሮውም ሊፈነዳ ይችላል።